«ወድጄሻለሁ» ለማለት፦ ከማሽኮርመም ወደ ግልጽ ቃል (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

ጎንደር ተወልጄ አደግሁ። እዚህ ከተማ ተጫዋች ሰው ሞልቷል። ፒያሳ ላይ አንድ ማኪያቶ እስኪያልቅ ድረስ የሚያስቁ፣ የሚያሽኮረምሙ፣ በአንድ ቃል ልብ የሚያሞቁ ብዙ አውቃለሁ። የሚከብዳቸው ከዚያ ቀጥሎ ያለው ነው። ጨዋታው ወር ሁለት ወር ይሄዳል፤ «እኔ እንኳን የምፈልግሽ...» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር ግን አትወጣም።

ለምን እንደምትከብድ አስቤበታለሁ። ሲወራ እንደሰማነው፣ ድሮ ጎረምሳው በጥምቀት ሎሚ ይወረውራል። ልጅቷ ሎሚውን ካነሳችው ገብቷታል ማለት ነው። ቀጥሎ ሽማግሌ ይላካል፤ የቀረውን የሚናገሩት ሽማግሌዎቹ ናቸው። ዛሬም ሎሚ አለ፣ ሽማግሌም አለ። በመሃላቸው ግን ረጅም ጊዜ ገብቷል። መተዋወቅ አለ፣ ሻይ አለ፣ ቴሌግራም አለ፣ ፍቅረኛ መሆን አለ። ይህን መሃሉን የሚናገርልን ሰው የለም። ራሳችን ነን የምንናገረው፤ እንዴት እንደሚነገር ደግሞ ማንም አላስተማረንም።

ከታች ያሉት ጥያቄዎች ብዙ ጊዜ የምጠየቃቸው ናቸው። ሁሉም ከ18 ዓመት በላይ ስለሆኑ ሰዎች ነው። አብዛኛው ጠያቂ ወንድ ስለሆነ «አንተ» እያልኩ ጽፌያለሁ። የሴቶቹ ጥያቄ ወደ ታች አለ።

ከእኔ ጋር ስትሆን ትስቃለች። ፈልጋኝ ነው ወይስ ጨዋነት ነው?

ሳቅ ብቻውን ምንም አይነግርህም። ይሉኝታ ባለበት ነው ያደግነው። ሰውን ፊት ለፊት ማስቀየም ነውር ነው ተብለናል። ስለዚህ ቀልድህ ባይጥማትም ትስቃለች። «አንተ ደግሞ!» ትልሃለች። አንተ ይህን ይዘህ ቤትህ ትገባለህ፣ ሌሊቱን ሙሉ ታስባለህ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎችም በተደጋጋሚ ያዩት ነገር አለ። ወንዶች በአማካይ የሴትን ተራ ወዳጅነት እንደ ፍላጎት የመቁጠር ዝንባሌ አላቸው። አንተም ከዚህ ነፃ ነኝ ብለህ አትጀምር።

እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው «ማን ይጀምራል?» ብዬ ነው። ስልክህን አውጣና የመጨረሻዎቹን አሥር ወሬዎቻችሁን ተመልከት። አሥሩንም የጀመርከው አንተ ከሆንክ እሷ መልስ እየሰጠች ነው እንጂ እየመጣች አይደለም። ሦስት አራቱን እሷ ከጀመረች፣ ያውም ያለ ጉዳይ «ዛሬ ምን እንዳጋጠመኝ ታውቃለህ?» ብላ ከሆነ፣ ነገር አለ።

ሁለተኛው ማስታወስ ነው። ባለፈው ሳምንት ጥርስህን አሞህ እንደነበር ተናግረሃል እንበል። ዛሬ ስታገኝህ «ጥርስህስ ተሻለህ?» ካለችህ ያልከውን ይዛዋለች።

ሦስተኛው መሄጃ ምክንያት እያላት መቆየቷ ነው። ባጃጅ መጥቶ ሲቆም «ይሂድ፣ ሌላ ይመጣል» ካለች ከማንኛውም ሳቅ ይበልጣል።

በተቃራኒው «ወንድሜ» የምትለዋን ቃል አዳምጥ። ለአንዳንዷ የንግግር ልማድ ነው፤ ሁሉንም ሰው እንደዚያ ትጠራለች። ያንተ ጨዋታ ሞቅ ካለ በኋላ የመጣች «ወንድሜ» ከሆነች ግን በሩን በጨዋነት እየዘጋችው ነው። ያን ጊዜ ወደ ተራ ሰላምታ መመለስ ነው።

ከጨዋታ እስከ ግልጽ ንግግር ስንት ጊዜ ይበቃል?

ቀን ቆጥሬ መስጠት አልወድም። የራሴ ግምት ግን በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን የምትገናኙ ከሆነ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይበቃል። ከዚያ በታች ገና አታውቃትም። ሦስት ወር ካለፈ ደግሞ ጨዋታው ይደርቃል። ወይ እንደ ወንድም ትለምድሃለች፣ ወይ «ይሄ ልጅ ከሁሉም ጋር እንደዚህ ነው» ብላ ትደመድማለች።

ከቀኑ ይልቅ ደረጃውን ተመልከት። አንድ ደረጃ ትወጣለህ፣ ከዚያ ቆመህ ታያለህ። ከቀልድ ቀጥሎ ያለው ደረጃ ያለ ቀልድ የተነገረ አንድ ደግ ቃል ነው። ስለ መልኳ ባይሆን ይሻላል፤ ስለሠራችው ነገር ይሁን። «ትናንት ለዚያች እናት እንዴት በትዕግሥት እንዳስረዳሻቸው አይቼ ደስ አለኝ።» ይህን ብለህ ዝም በል። ቀልድ አትጨምርበት። ዝም ብላ ፈገግ ካለች ወይም እሷም ስላንተ አንድ ነገር ካለች ደረጃውን አብራህ ወጥታለች። ወዲያው ወሬ ከቀየረች ባለህበት ቆይ። የሚቀጥለው ደረጃ ከለመዳችሁት ቦታ ውጪ ጊዜ መጠየቅ ነው። ግልጹ ቃል ከዚያ በኋላ ይመጣል።

እኔ ያየሁት ትልቁ ስህተት ሁለት ደረጃ ባንድ ጊዜ መዝለል ነው። ሰውዬው ወር ሙሉ ሲቀልድ ይቆይና አንድ ቀን በድንገት «ያላንቺ መኖር አልችልም» ይላል። ልጅቷ ትደነግጣለች። ብትወደው እንኳ ትደነግጣለች።

ምን ብዬ ልናገር? ቃሉ ይጠፋብኛል።

መጀመሪያ የማይሆኑትን ላንሳ።

«ላናግርሽ የምፈልገው ነገር አለ» ብለህ ቀጠሮ አትያዝ። እስከ ቀጠሮው ቀን ድረስ ምን ይሆን እያለች ትጨነቃለች። ወይ ደግሞ ገብቷት እምቢታዋን አዘጋጅታ ትመጣለች።

«ጓደኛ እንሁን» አትበል። በአማርኛ ጓደኛ ሁለት ነገር ነው። «ጓደኛዬ ናት» ስትል አብራህ የተማረችም ልትሆን ትችላለች፣ ፍቅረኛህም። አንተ ሁለተኛውን ብለህ እሷ የመጀመሪያውን ሰምታ «እሺ» ካለች ሌላ ሁለት ወር ጠፋ።

«ለቁም ነገር ነው የምፈልግሽ» የምትለዋን ደግሞ አስብባት። እኛ ዘንድ ቁም ነገር ማለት ትዳር ነው። ለማግባት እያሰብክ ከሆነ ጥሩ፣ በጊዜው በላት። ጥሩ ሰው ለመምሰል ብቻ ከሆነ ግን ቃል ገብተሃል። እሷም እናቷም ይይዙሃል፤ ልክም ናቸው።

«እወድሻለሁ» እና «አፈቅርሻለሁ» ለመጀመሪያ ቀን አይሆኑም። «እወድሻለሁ» ለእናትም፣ ለእህትም፣ ለልጅም የሚባል ነው። ወይ ከብዶ ያስፈራታል፣ ወይ ቀልሎ ያልፋል። «አፈቅርሻለሁ» ደግሞ የዘፈን ቋንቋ ነው። ሦስት ጊዜ እንኳ አብራችሁ ሳትቀመጡ ይህን ስትል «ምኔን አውቆ ነው?» ማለቷ አይቀርም።

እኔ የምመርጠው «ወድጄሻለሁ» የሚለውን ነው። ባንተ ውስጥ የሆነ ነገር ነው የሚናገረው። መልስ አያስገድድም፣ ከእውነቱም አያልፍም። ከወንድምነት ጋርም አይምታታም። እህቱን «ወድጄሻለሁ» የሚል ወንድም አላውቅም።

አሁን ንግግሩ። ሦስት ነገር ይበቃዋል። ምን እንደሚሰማህ፣ ምን እንደምትፈልግ፣ እሷ ደግሞ እንዳትጨነቅ። በቃል ሲሆን እንደዚህ ነው፦

«ከአንቺ ጋር ማውራት ከጀመርኩ ወዲህ እንደ ጓደኛ ብቻ አይደለም የማይሽ። ወድጄሻለሁ። እየተገናኘን በደንብ ብንተዋወቅ ደስ ይለኛል። አሁን መልሺልኝ አልልም። ባይሆንም ሰላምታችን እንዳለ ነው።»

ከዚህ በላይ አታርዝመው። ስትናገረው አሥራ አምስት ሰከንድ አይሞላም። ሰው የሚበላሸው ከአሥራ አምስተኛው ሰከንድ በኋላ ነው። ዝምታው ይከብደዋል፣ ከዚያ ማብራራት ይጀምራል። «ማለቴ... እንዲያው... ካልፈለግሽ ግን ገባኝ፣ እኔ እኮ ምንም የለኝም...» እያለ ራሱን ይጥላል። ተናግረህ ስትጨርስ ዝም በል። ዝምታው የእሷ ነው፤ እያሰበችበት ነው።

ከሁሉም በላይ ግን «ቀልዴን ነው» አትበል። ብዙ ሰው እውነቱን ይናገርና ፊቷ ሲለወጥ ባየ ጊዜ በቀልድ ይሸፍነዋል። እንደዚያ ካደረግክ በሚቀጥለው ከልብህ ብትናገር አታምንህም። እሷም «እኔም እኮ...» ልትል ነበር ይሆናል፤ አፏን ዘጋህባት።

አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር። እስካሁን «እርስዎ» የምትባባሉ ከሆነ በዚያ አጠራር «ወድጄዎታለሁ» ማለት በጣም ያስቸግራል። ቀድመህ «አንቺ ልበልሽ?» ብለህ ጠይቃት። ፈቃዷ ራሱ አንድ ደረጃ ነው።

የት ልንገራት? በስንት ሰዓት?

ፒያሳ ካፌ ውስጥ አይሁን። ጎንደር ትንሽ ናት። በአጠገባችሁ ካለው ጠረጴዛ የአክስቷ ልጅ ሊኖር ይችላል። ጀበና ቡና ላይ ደግሞ በርጩማው እርስ በርሱ ተጠጋግቷል፤ ያልከውን አራት ሰው ይሰማል። ሰው እየሰማት «እሺ»ም «እምቢ»ም ማለት አትችልም።

ብዙ ሰው ጭር ያለ ቦታ ይመርጣል። ይህም ስህተት ነው። ሰው የሌለበት ቦታ ብትወስዳት ስለ ፍቅር ሳይሆን እንዴት እንደምትመለስ ነው የምታስበው። የሚያስፈልገው ሰው የሚያያችሁ ግን የማይሰማችሁ ቦታ ነው።

ለዚህ በእግር መሄድን የሚያህል የለም። ስትሄዱ ጎን ለጎን ናችሁ፣ ዓይን ለዓይን መተያየት ግድ አይደለም። ዝምታውም አይከብድም፤ እግር ይሞላዋል። በፋሲል ግቢ አጥር ዙሪያ ያለው መንገድ ጥሩ ነው። ረዘም ያለ ከፈለጋችሁ ከፒያሳ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ መውረድ ትችላላችሁ፣ ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እዚያ የአሮጌዎቹ ዛፎች ሥር የድንጋዩን አጥር ይዞ ወርዷል። እሱን እያያችሁ ማውራት ይቀላል።

ሰዓቱ እሑድ ከሰዓት በኋላ 9 ወይም 10 ሰዓት ይሁን። 12 ሰዓት ሳይሆን ቤቷ እንድትደርስ ነው። ከመሸ በኋላ ባጃጅ ማግኘት ያስቸግራል፣ ቤተሰብም ይጠይቃል። መሄዷን እያሰበች የሰማችውን ቃል በደንብ አትሰማውም። ደግሞ መጀመሪያ ላይ አትንገራት። ወደ መመለሻው አካባቢ፣ መለያያችሁ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ይሁን። ከፈለገች ለማውራት ጊዜ አላት፤ ካልፈለገች ደግሞ መለያያው ደርሷል።

የማይነገርበት ጊዜም አለ። ሐዘን ላይ ሆና፣ የፈተና ሳምንት ላይ፣ ከታመመች በኋላ ወዲያው። ዐቢይ ጾም ላይ ደግሞ ሰውየዋን ማወቅ ይጠይቃል። አጥብቃ የምትጾም ልጅ በእነዚያ 55 ቀናት የፍቅር ወሬ መጀመር ላይጥማት ይችላል። እስከ ፋሲካ ብትቆይ አትጎዳም።

በቴሌግራም ብጽፍላትስ? ፊት ለፊት እፈራለሁ።

ቴሌግራም ለቀጠሮ ነው የሚሆነው። ፍቅር ለመንገር የምመርጠው አይደለም። ምክንያቱ ቀላል ነው። ጽሑፍ ድምፅህን አይይዝም። ከልብህ ያልከውን በቀልድ ታነበዋለች፣ በቀልድ ያልከውን ከልብህ ነው ትላለች። ደግሞ ስክሪንሾት ይደረጋል፤ ማታውኑ አራት ጓደኞቿ ያነቡታል።

ከሁሉ የከፋው ከሌሊቱ 5 እና 6 ሰዓት ላይ የሚላከው ነው። በዚያ ሰዓት ሰው ይደፍራል፣ ጠዋት ይጸጸታል። ቴሌግራም ላይ መልእክቱን ለሁለታችሁም ማጥፋት ይቻላል። ኖቲፊኬሽኑን ግን ቀድማ አይታው ይሆናል።

አንዳችሁ አዲስ አበባ ሌላችሁ ጎንደር ከሆናችሁ ሌላ ነገር ነው። ያን ጊዜ ደውልላት። ድምፅ ይሻላል።

በተግባር ምን ይመስላል?

የማውቀውን አንድ ልጅ ነገር ልንገራችሁ። ፈቅዶልኛል፤ ስሙን ትቼዋለሁ።

ማራኪ አካባቢ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ይሠራል። ልጅቷ የነርስነት ተማሪ ናት፤ ጽሑፍ ለማሳተም ትመጣለች። ፋይሉን በቴሌግራም ትልክለታለች፣ እሱ ያትምላታል። ስልኳ እጁ ላይ አለ ማለት ነው። እዚህ ላይ አንድ ጥሩ ነገር አደረገ። ለሥራ በሰጠችው ቁጥር ጨዋታ አልጀመረም። እሷ አንድ ቀን ከፋይሉ በታች «ዛሬም ወረቀቱን አጣመህ እንዳታትመው» ብላ እስክትስቅበት ድረስ ጠበቀ። ከዚያ በኋላ ወሬው ቀጠለ።

ሁለት ሳምንት ሱቅ ውስጥ ሲቀላለዱ ቆዩ። በሦስተኛው ሳምንት ተሳሳተ። ሌሊት 6 ሰዓት ላይ «ናፍቀሽኛል» ብሎ ላከ፤ ወዲያው አጠፋው። እሷ አይታዋለች። ለአራት ቀን ፋይል እንኳ አልላከችም። በአምስተኛው ቀን ስትመጣ ወሬውን ወረቀት ላይ ብቻ አደረገችው።

ምን ያድርግ? ብዙ ሰው እዚህ ላይ ወይ ይጠፋል፣ ወይ ይቅርታ እያለ ያሰለቻል። እሱ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሱቁ ውስጥ ሰው ሳይኖር፣ «የዚያን ሌሊቱ ሰዓቱ ልክ አልነበረም፣ ይቅርታ» አላት። ልብ በሉ፣ «ውሸቴን ነው» አላለም። ስሜቱን አልካደም፣ ሰዓቱን ነው ያስተካከለው። ከዚያ ለአሥር ቀን ያህል ወደ ተራ ጨዋታ ተመለሰ። እሷም ቀስ እያለች ተመለሰች፤ ከዚያ ወዲያ ሁለቱን ወሬ የጀመረችው እሷ ናት።

በስድስተኛው ሳምንት «እሑድ ሥራ የለኝም፣ ማኪያቶ ልጋብዝሽ?» አላት። እሺ አለች፤ ጓደኛዋን ይዛ መጣች። ልጁ ተስፋ ቆርጦ ደወለልኝ። ተው አልኩት። እኛ ጋ ለመጀመሪያ ጊዜ ጓደኛ ይዞ መምጣት ጥንቃቄ ነው። ሰው ቢያያት «ሦስት ሆነን ነበር» ማለት ትችላለች። ጓደኛዋም ልታይህ ነው የመጣችው። ለሦስቱም ክፈል፣ ጓደኛዋን አክብረህ አጫውት፣ ለዛሬ ምንም አትበል አልኩት። ሁለተኛም ሦስተኛም ጊዜ ጓደኛ ይዛ ብትመጣ ግን ሌላ መልስ ነበር የምሰጠው።

በሚቀጥለው እሑድ ብቻዋን መጣች። በ9 ሰዓት ተኩል ተገናኝተው ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ወረዱ። ሲመለሱ፣ ባጃጅ ከምትይዝበት ቦታ ትንሽ ቀደም ብሎ ነገራት። የተዘጋጀው ንግግር ግማሹ ጠፋበት። የወጣው ይህ ብቻ ነው፦ «ያን ሌሊት ያልኩት ሰዓቱ ነው እንጂ ነገሩ እውነት ነው። ወድጄሻለሁ። እንደዚህ እየተገናኘን ብንቆይ ደስ ይለኛል። አሁን መልሺ አልልሽም።»

«እስቲ ላስብበት» አለችው። ባጃጁ መጣ።

«ላስብበት» አለችኝ። እሺ ነው ወይስ እምቢ?

ሁለቱንም ሊሆን ይችላል። አንዳንዷ በእርግጥ ማሰብ ትፈልጋለች። አንዳንዷ እምቢ ማለት ከብዷት ነው። በቃሉ አትለየውም፤ በሚቀጥሉት ቀናት ነው የምትለየው። ከዚያ በኋላ እሷ ወሬ ከጀመረች፣ እንደ ድሮው ካገኘችህ፣ በእርግጥ እያሰበች ነው። መልሷ ካጠረ፣ ሰበብ ከበዛ፣ ሰላምታዋ ከቀዘቀዘ መልሱን ሰጥታሃለች።

አንተ ግን «አሰብሽበት?» አትበል። አንድም ጊዜ። ጓደኛዋንም አታስጠይቅ። የለመዳችሁትን ሰላምታ ቀጥል፣ ሁለት ሳምንት ያህል ስጣት። በሁለት ሳምንት ውስጥ ምንም ካልመጣ እንደ እምቢታ ቁጠረውና ተወው። ይህ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። ነገር ግን ዓመት ሙሉ «እያሰበች ነው» ብለው የጠበቁ ሰዎች አውቃለሁ። ዓመቱን በሙሉ የጠበቁት እነሱ ብቻ ናቸው።

ያ የፎቶ ኮፒ ቤቱ ልጅ አምስት ቀን ጠበቀ። በአምስተኛው ቀን እንደተለመደው ፋይል መጣለት። ከሥሩ «እሑድ ቁስቋም እንውጣ?» የሚል ነበር። ስለ ፍቅር አንድም ቃል የለም። ጥያቄውን የጠየቀችው ግን እሷ ናት።

ሴት ነኝ። እኔ ብቀድም «ደፋር» እንዳልባል እፈራለሁ።

ፍርሃትሽ ከሜዳ የመጣ አይደለም። እዚህ ከተማ ሴት ስትቀድም ወሬ ይኖራል፤ ሰምቻለሁ፣ ደርሶብኛልም። ቢሆንም ቀድመው የተናገሩና ጥሩ የሆነላቸው ሴቶች አውቃለሁ።

ብዙዎቻችን ምልክት እየሰጠን እንጠብቃለን። ወንዱ ግን ላያየው ይችላል፤ ዓይናፋር ወንድ በተለይ ጨዋነት ነው ብሎ ያልፈዋል። ስለዚህ ከምልክት አንድ ደረጃ ውጪ። እንደ ወንዱ ሙሉውን መናገር ካልፈለግሽ ግማሹን በይ፦ «ከሰው መሃል ስንሆን ሳይሆን ሁለታችን ስናወራ ነው የሚመቸኝ።» ይህ ግልጽ ነው። ፍላጎት ያለው ወንድ ይህን ሰምቶ ቀጠሮ ይጠይቃል። ካልጠየቀ ወይ አልገባውም፣ ወይ አልፈለገም። አንድ ጊዜ ብቻ «ወድጄሃለሁ፣ አንተስ?» ብለሽ ለይው። ከዚያ በላይ አትድከሚለት።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ቃልሽን ይዞ ወደ ሰው ወሬ የሚያወርድ ወንድ አለ። ከመናገርሽ በፊት ስለ ሌሎች ሴቶች እንዴት እንደሚያወራ አድምጪ። ስለ ቀድሞ ፍቅረኛው ምስጢር ላንቺ ከነገረሽ ያንቺንም ለሌላ ይነግራል።

በጥምቀት ቀን ብነግራትስ? ጥሩ አጋጣሚ አይደለም?

ለሎሚ ጥሩ ነው፤ ለንግግር አይደለም። ጥር 10 ከተራ፣ ጥር 11 ጥምቀት፣ ጥር 12 ሚካኤል። ሦስቱም ቀን ከተማው ሰው በሰው ነው። ጩኸት አለ፣ ዘመድ አለ፣ እንግዳ አለ። ሎሚ ወርውርላት፣ ቀሚሷ እንዳማረባት ንገራት፣ ሳቁ። ንግግሩን ለሚቀጥለው ሳምንት አቆየው፤ ያኔ ከተማው ይረጋጋል፣ «ባለፈው ሎሚውን ለምን እንደወረወርኩልሽ ታውቂያለሽ?» ብለህ መግባትም ትችላለህ።

በአዝማሪ ስንኝ ማስነገርም እንደዚሁ ነው። አዝማሪ ለጨዋታ ሸጋ ነው። ሙሉ ቤት እያያት ስሟን ካስጠራህ ግን አደባባይ ላይ አቆምካት።

አብረን ነው የምንሠራው። ልናገር?

አለቃዋ ከሆንክ አትናገር። አስተማሪዋም ከሆንክ እንደዚያው። እምቢ ስትል ደመወዟ ወይም ውጤቷ ይታሰባታል፤ ስለዚህ «እሺ»ዋ እሺ መሆኑን ማወቅ አትችልም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም በሥራ ቦታ ወሲባዊ ትንኮሳን ይከለክላል።

እኩያ ባልደረቦች ከሆናችሁ ይቻላል፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከሥራ ቦታ ውጪ። ቫኔሳ ቦንስ የምትባል ተመራማሪ ከባልደረባዋ ጋር በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ጥናት ያገኘችው ነገር አለ። የሚጠይቀው ሰው፣ ለተጠያቂው እምቢ ማለት ምን ያህል እንደሚከብደው አሳንሶ ይገምታል። በማግሥቱ እዚያው ቢሮ ለምትገናኙ ሰዎች ይህ በእጥፍ ይከብዳል። ስለዚህ መውጫውን ቀድመህ ክፈትላት፦ «ባይሆን ሥራችን ላይ ምንም አይለወጥም፣ ድጋሚም አላነሳውም።» ካልክ በኋላ በእርግጥም አታንሳው።

እምቢ አለችኝ። ነገ ፒያሳ ላይ ስንገናኝ ምን ልሁን?

መጀመሪያ እምቢታውን እወቀው። «እንደ ወንድሜ ነው የማይህ»፣ «ትምህርቴን ልጨርስ»፣ «ሰው አለኝ»፣ «አሁን ለዚህ ዝግጁ አይደለሁም»። አራቱም እምቢ ናቸው። «ትምህርቷን እስክትጨርስ እጠብቃለሁ» አትበል። እንድትጠብቃት አልጠየቀችህም።

በዚያው ቅጽበት የምትለው ይህን ነው፦ «እሺ፣ ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ።» ለምን ብለህ አትጠይቅ። ምክንያት ስትጠይቃት ክርክር ይሆናል፣ ፍቅር ደግሞ በክርክር አይመጣም። ብሎክ አታድርጋት፣ ለጓደኞችህም አታውራ። መንገድ ላይ መጠበቅ፣ ሰፈሯ መመላለስ ደግሞ ፍቅር መሆኑ ቀርቶ ማስፈራራት ነው።

ቢያምህ ያምሃል። ለጥቂት ሳምንት ከእሷ ጋር የነበረህን ረጅም ወሬ ብትተወው ጥፋት የለውም። «ሰላምታችን እንዳለ ነው» ያልከው ግን ሰላምታውን ነው፤ እሱን ጠብቅ።

ፒያሳ ላይ ስታያት መንገድ አትቀይር። ቀድመህ «ሰላም፣ ደህና ነሽ?» በላትና እርምጃህን ሳታቆም እለፍ። ቆማ ማውራት ከፈለገች ራሷ ትጀምራለች።